የሪትምና የኢንተርቫል ኩዊዝ፦ የትኛውን ዓይነት ልምረጥ?

ሁለት ተማሪዎች በሪትም ንባብ ኩዊዝ ከዐሥር ስድስት አገኙ እንበል። አንደኛው ባለነጥብ ኖታ ሲያይ ምን ያህል እንደሚቆይ አያውቅም። ሁለተኛው በደንብ ያውቃል፤ ችግሩ እጁ ላይ ነው፤ ዕረፍት ላይ ሲደርስ ይቸኩላል። መዝገቡ ላይ ሁለቱም ስድስት ናቸው፤ በሚቀጥለው ሳምንት የሚያስፈልጋቸው ልምምድ ግን ፈጽሞ አይገናኝም። ስለዚህ ከኩዊዝ ዓይነቶች መካከል ሲመረጥ ቀድሞ የሚታየው ከተማሪው ስሕተት ምን ማንበብ እንደሚቻል ነው። የተማሪው ብዛት፣ እጅ ላይ ያለው መሣሪያ፣ በጅማ ደግሞ ቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚወርደው ዝናብና የመብራት መጥፋት ከዚያ ቀጥለው ይመጣሉ።

ይህ መመሪያ ለትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበብ፣ ለመዘምራን ቡድንና በቤታቸው ለሚያስተምሩ መምህራን የሚሆኑ የዐሥር ደቂቃ ኩዊዞችን ያነጻጽራል። መጀመሪያ ሪትም፣ ቀጥሎ ኢንተርቫል።

ሪትም፦ አራት አማራጮች

በጣም ቀላሉ ባር ማሟላት ነው። በ4/4 አንድ ግማሽ ኖታና ሁለት ስምንተኛ ኖታዎች ይሰጣሉ፤ ተማሪው የጎደለውን አንድ ምት ይጽፋል። ለማዘጋጀትም ለማረምም አይከብድም፤ አርባ ወረቀት በሩብ ሰዓት ያልቃል። ነገር ግን የሚለካው መደመርን ነው። ሁለት ሲደመር ግማሽ ሲደመር ግማሽ ሦስት እንደሆነ የሚያውቅ ልጅ፣ የጻፈውን አንድም ጊዜ በጆሮው ሳይሰማ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። የኖታዎች ስምና ዋጋ በሚጠናባቸው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይጠቅማል፤ ከዚያ በኋላ ቢቀር ይሻላል።

ከዚህ አማራጭ አንድ ጥያቄ ግን መጣል አይገባም። ስድስት ስምንተኛ ኖታዎች ሳይያያዙ ለየብቻቸው ተጽፈው ይሰጡና ተማሪው አንዴ ለ3/4፣ አንዴ ለ6/8 እንዲያያይዛቸው ይጠየቃል። ድምሩ በሁለቱም አንድ ዓይነት ስለሆነ መደመር አያድንም። በ3/4 ሁለት ሁለት እየሆኑ ሦስት ቡድን፣ በ6/8 ሦስት ሦስት እየሆኑ ሁለት ቡድን መሆን አለባቸው። የእኛ ተማሪዎች ጆሮ 6/8ን ከቺክቺካ ጀምሮ አሳምሮ ያውቀዋል፤ ወረቀት ላይ ሲያዩት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሁለት አድርገው ያያይዙታል። ጆሮ የሚያውቀውን ዓይን እንዳልለየው ይህ አንድ ጥያቄ ብቻውን ያሳያል።

ሁለተኛው አማራጭ አንብቦ መምታት ነው። ተማሪው አይቶት የማያውቀው አራት ባር ይሰጠዋል፤ ሠላሳ ሰከንድ በዓይኑ ያያል፤ ሜትሮኖሙ በደቂቃ 60 ላይ ሆኖ አራት ምት ይቆጠርለታል፤ ከዚያ በእግሩ ምቱን እየጠበቀ ሪትሙን በእጁ ይመታል። የንባብን ችሎታ ከዚህ አጥርቶ የሚያሳይ ፈተና የለም። የሚጠይቀው ጊዜ ነው። አራት ባር በ4/4 ዐሥራ ስድስት ምት፣ በ60 ፍጥነት ደግሞ ዐሥራ ስድስት ሰከንድ ነው። መቁጠሪያውና ማያው ሲጨመር ለአንድ ሰው ሃምሳ ሰከንድ ይሆናል። አርባ ተማሪ ካለ ከሠላሳ ሦስት ደቂቃ በላይ ይሄዳል፤ ክፍለ ጊዜው አለቀ ማለት ነው። እስከ ዐሥራ ሁለት ሰው ላለው ቡድን ግን ሌላ መፈለግ አያስፈልግም።

እዚህ ሁለት ነገሮች ፈተናውን ያበላሹታል። የመጀመሪያው፣ መምህሩ «እንዲህ ነው» ብሎ አንዴ መትቶ ካሳየ በኋላ የሚመጣው ንባብ አይደለም፣ ትውስታ ነው። ተራ የሚጠብቁት ከፊት ያለውን ከሰሙም እንዲሁ ነው። ቢያንስ አራት የተለያዩ መስመሮችን አዘጋጅቶ እያቀያየሩ መስጠት ይህን ይከላከላል። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው፦ የእጅ ምት ርዝመት የለውም። ግማሽ ኖታም ይሁን ሩብ ኖታና የሩብ ዕረፍት፣ ሲጨበጨብ የሚሰማው አንድ ዓይነት «ጧ» ነው። ስለዚህ ዕረፍትን መፈተን ከፈለጉ ተማሪው «ታ» እያለ ድምፁን እንዲያስረዝምና ዕረፍት ላይ እንዲያቋርጥ ያድርጉ።

ስሕተት ሲመጣ ምንጩን ለመለየት ተማሪው ያንኑ ባር ሳይመታ እየቆጠረ እንዲያነበው ይጠየቃል። ቁጥሩ ልክ ሆኖ እጁ ከተሳሳተ ችግሩ የእጅ ነው፤ ቁጥሩም ከተሳሳተ የንባብ ነው። አቆጣጠሩ ራሱ ጉድለት እንዳለው ግን ልብ ይበሉ። «አንድ» እና «ሦስት» ባለ አንድ ክፍለ ቃል ናቸው፤ «ሁለት» እና «አራት» ባለ ሁለት። ልጁ ሳይታወቀው በሁለተኛውና በአራተኛው ምት ላይ ሁለት ስምንተኛ የመምታት ዝንባሌ የሚይዘው አፉ እጁን ስለሚመራው ነው። በኦሮምኛ የሚቆጥሩ የጅማ ልጆች ይህ አይገጥማቸውም፤ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር» እያንዳንዳቸው ባለ ሁለት ክፍለ ቃል ስለሆኑ ስምንተኛ ኖታ ላይ እኩል ይቀመጣሉ። በአማርኛ መቁጠር ካስፈለገ «አንድ እና፣ ሁለት እና» ከማለት ይልቅ ለሩብ «ታ»፣ ለሁለት ስምንተኛ «ታቲ» ማለት ይቀልላል።

ሦስተኛው ሰምቶ መጻፍ ነው። መምህሩ አራት ባር አራት ጊዜ ያሰማል። በመጀመሪያው ዙር እስክሪብቶ አይነካም፤ በቀሪዎቹ ይጻፋል። ብዙ መረጃ የሚሰጥ ቢሆንም እርማቱ ከባድ ነው፤ አንድ ምት ያመለጠው ተማሪ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ወደ ጎን ይንሸራተትበታል። ባር በባር ከታረመ በአንድ ስሕተት ሦስት ባር ያጣል። ስለዚህ ምት በምት ይታረም፤ ከተንሸራተተበት በኋላ ቅርጹ ልክ ከሆነ ነጥቡን ያግኝ። በጭብጨባ አለማሰማቱም እንዳይረሳ፤ ከላይ የተባለው የርዝመት ችግር እዚህም አለ። የክራር ድምፅ ቶሎ ስለሚሞት ለዚህ አይመችም። ማሲንቆ፣ ዋሽንት ወይም የሰው ድምፅ ይሻላል፤ ኪቦርድ ከሆነ የፒያኖ ሳይሆን የኦርጋን ድምፅ ይመረጥ።

አራተኛው ሰምቶ መምረጥ ነው። አንድ ባር ይሰማል፤ ወረቀቱ ላይ ከተጻፉት አራት ባሮች ተማሪው የሰማውን ያከብባል። ለትልቅ ክፍል ከሁሉም የተሻለው ይህ ነው፤ ጥቅሙ ግን የተመሠረተው የተሳሳቱት አማራጮች በሚጻፉበት መንገድ ላይ ነው። ይህን ምሳሌ እንመልከት።

የተሰማው ባር በ4/4፦ ሩብ፣ ሁለት ስምንተኛ፣ ባለነጥብ ሩብ፣ ስምንተኛ።

ሀ. ሩብ፣ ሁለት ስምንተኛ፣ ሩብ፣ ሩብ
ለ. ሩብ፣ ሁለት ስምንተኛ፣ ባለነጥብ ሩብ፣ ስምንተኛ
ሐ. ሩብ፣ ሁለት ስምንተኛ፣ ስምንተኛ፣ ባለነጥብ ሩብ
መ. ሁለት ስምንተኛ፣ ሩብ፣ ባለነጥብ ሩብ፣ ስምንተኛ

አራቱም ድምራቸው አራት ምት ስለሆነ በመደመር ማስወገድ አይቻልም። «ሀ»ን የመረጠ ነጥቡን አልሰማም፤ ለእርሱ ሁለቱ የመጨረሻ ድምፆች እኩል ናቸው። «ሐ»ን የመረጠ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር መሆኑን ሰምቷል፣ ወረቀት ላይ ግን ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል፤ ከ«ሀ» አንድ እርምጃ ይቀድማል። «መ»ን የመረጠ የባሩን መጀመሪያ አልያዘም፤ ብዙውን ጊዜ ምቱ ከየት እንደጀመረ ስላልገባው ነው። ይህን ለመከላከል ባሩ ከመሰማቱ በፊት አንድ ሙሉ ባር መቁጠር ያስፈልጋል። እርማቱ ሲያልቅ በክፍሉ ውስጥ ስንት «ሀ»፣ ስንት «ሐ» እንዳለ መቁጠር የሚቀጥለውን ትምህርት ይወስናል። እያንዳንዱ የተሳሳተ አማራጭ ከትክክለኛው በአንድ ቦታ ብቻ ካልተለየ ይህ ሁሉ አይገኝም።

አማራጮቹ አራት እንዲሆኑ የሚመከረው ስለ ግምት ነው። ዐሥር «ልክ/ስሕተት» ጥያቄዎችን ሳያነብ የሚያከብብ ሰው አምስትና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ ከመቶ 62 ነው። አማራጩ አራት ሲሆን ይኸው ዕድል ወደ 8 ይወርዳል።

ኢንተርቫል፦ በወረቀት ወይስ በጆሮ?

እነዚህ ሁለቱ አንዱ ሌላውን አይተኩም። የወረቀቱ ኩዊዝ ኢንተርቫሉ እንዴት እንደሚጻፍና እንደሚሰየም ይጠይቃል፤ የጆሮው እንዴት እንደሚሰማ። በወረቀት ሙሉ ያገኘ ተማሪ በጆሮ ሦስት ቢያገኝ ሊደንቅ አይገባም።

በወረቀቱ ላይ ከሁሉም በላይ የሚታየው ስሕተት የአቆጣጠር ነው። ከሬ እስከ ላ አምስተኛ ነው፤ ሬ ራሱ አንድ ተብሎ ይቆጠራልና። «አራተኛ» ብሎ የሚመልስ ተማሪ መነሻውን አልቆጠረም፤ ይህ ከታወቀ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይስተካከላል። ሁለተኛው ስሕተት ግማሽ ድምፆቹ ያሉበትን ቦታ መርሳት ነው። ከሚ ወደ ፋ እና ከሲ ወደ ዶ ግማሽ ድምፅ ብቻ ስለሆነ፣ ከዶ ወደ ሚ ሜጀር ሦስተኛ (አራት ግማሽ ድምፅ) ሲሆን ከሬ ወደ ፋ ግን ማይነር ሦስተኛ (ሦስት ግማሽ ድምፅ) ነው። ስለዚህ ኩዊዙ ሁለት ክፍት ቦታ ይኑረው፤ አንዱ ለቁጥሩ፣ አንዱ ለዓይነቱ፣ ነጥባቸውም ለየብቻ። አንድ ክፍት ቦታ ብቻ ካለ ሁለቱ ስሕተቶች ይደባለቃሉ።

በወረቀትና በጆሮ መካከል መልሱ ራሱ የሚለያይበት ቦታም አለ። ከዶ ወደ ሚ ፍላት ማይነር ሦስተኛ ነው፤ ከዶ ወደ ሬ ሻርፕ ደግሞ የሰፋ ሁለተኛ። ኪቦርድ ላይ ሁለቱ አንድ ቁልፍ ናቸው። በወረቀት ላይ ትክክለኛው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ ለብቻው በሚሰማ ኢንተርቫል ግን «የሰፋ ሁለተኛ» ብሎ የመለሰውን ስሕተት ማለት አይቻልም።

የጆሮው ኩዊዝ ሁለት መልክ አለው። ሁለቱ ድምፆች ተከታትለው ሊመጡ ወይም በአንድ ላይ ሊሰሙ ይችላሉ። ለጀማሪ ተከታታዩ ይሻላል፤ መጀመሪያ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ሲለምዱ ወደ ታች የሚወርድ። በአንድ ላይ የሚሰማው ኋላ ይምጣ፤ በዚህኛው ፐርፌክት አራተኛና ፐርፌክት አምስተኛ በቀላሉ ይምታታሉ፤ አንዱ የሌላው ግልባጭ ነውና። ሶልና ዶን በአንድ ላይ የሰማ ጆሮ የትኛው ከታች እንደሆነ ካልለየ አራተኛውን አምስተኛ ይለዋል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል፤ ሁለቱ ድምፆች በአራት ሰከንድ ውስጥ ይሰማሉ፣ አምስት ሰከንድ ዝም ይባላል፣ ይደገማሉ፣ ለመጻፍ ዐሥር ሰከንድ ይሰጣል። ዐሥር ጥያቄ አራት ደቂቃ ያህል ይወስዳል። መነሻ ድምፁ በየጥያቄው መለወጥ አለበት። ሁሉም ከዶ ከተነሱ ተማሪው የሚይዘው የላይኛውን ድምፅ ነው፤ «ይህ ሶል ነው» ይላል እንጂ «ይህ አምስተኛ ነው» አይልም። እንዲህ ተፈትኖ ዘጠኝ ያገኘ ተማሪ መነሻው ፋ ሲሆን ወደ አራት የሚወርደው ለዚህ ነው።

ሌላው ነገር ልጁ ያደገበት ዜማ ነው። የትዝታ ሜጀር ቅኝት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። በእነዚህ ድምፆች መካከል ግማሽ ድምፅ የለም፤ ስለዚህ ማይነር ሁለተኛ፣ ትራይቶንና ሜጀር ሰባተኛ አይገኙበትም። ጆሮው በትዝታ ብቻ የሠለጠነ ተማሪ በእነዚህ ሦስቱ ላይ ቢወድቅ የጆሮ ድክመት ተደርጎ አይወሰድ፤ የሚያውቃቸው መጠሪያ ዜማ ስለሌለው ነው። በአምባሰል ግን (ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት) ሦስቱም አሉ።

መብራት ሲጠፋ፦ ስድስት ክር ያለው ክራር

ከዚህ አንድ ተግባራዊ መፍትሔ ይወጣል። ጅማ ውስጥ የጆሮ ኩዊዝ በኪቦርድ የሚያቅድ ሰው መብራት በጠፋ ቁጥር ፈተናውን ያራዝማል። ባለ ስድስት ክር ክራር፣ ስድስተኛው ክር የመነሻው ኦክታቭ ሆኖ ከተቃኘ፣ ኪቦርዱን ይተካል። በትዝታ ሜጀር ሲቃኝ ከዐሥራ ሁለቱ ኢንተርቫሎች ዘጠኙ ይወጣሉ፦

ሜጀር ሁለተኛ፦ ዶ–ሬ
ማይነር ሦስተኛ፦ ሚ–ሶል
ሜጀር ሦስተኛ፦ ዶ–ሚ
ፐርፌክት አራተኛ፦ ሬ–ሶል
ፐርፌክት አምስተኛ፦ ሬ–ላ
ማይነር ስድስተኛ፦ ሚ–ላይኛው ዶ
ሜጀር ስድስተኛ፦ ዶ–ላ
ማይነር ሰባተኛ፦ ሬ–ላይኛው ዶ
ኦክታቭ፦ ዶ–ላይኛው ዶ

ቀሪዎቹን ሦስት ለማግኘት ክራሩ ወደ አምባሰል ይዞራል። ዶ–ሬ ፍላት ማይነር ሁለተኛ፣ ሬ ፍላት–ሶል ትራይቶን፣ ሬ ፍላት–ላይኛው ዶ ሜጀር ሰባተኛ ናቸው። በሁለት ቅኝት ሁሉም ተሟሉ ማለት ነው።

ጉድለቱም ይታወቅ። ክራር በጆሮ ሲቃኝ ድምፆቹ ከኪቦርዱ ጋር እኩል ላይሆኑ ይችላሉ፤ ለዘፈን ያምራል፣ ሜጀርና ማይነር ሦስተኛን ለሚለይ ፈተና ግን ያስቸግራል። ከፈተናው በፊት እያንዳንዱ ክር በስልክ ላይ ባለ መቃኛ ይረጋገጥ፤ ከአምስተኛው ጥያቄ በኋላም አንዴ ይታይ። በተጨማሪ በአንድ ቅኝት ውስጥ መነሻ ድምፅን እንደልብ መለዋወጥ አይቻልም፤ ሜጀር ሦስተኛ በትዝታው ላይ ዶ–ሚ ብቻ ነው። አንድ ኢንተርቫል በኩዊዙ ውስጥ ሁለት ጊዜ የሚመጣ ከሆነ ሁለተኛው ወደ ታች የሚወርድ ይሁን፣ አለበለዚያ ተማሪው ክሩን በድምፁ ቀለም ያውቀዋል። ክራሩ ከተማሪዎቹ ዓይን ይሰወር፤ ጣት የትኛው ክር ላይ እንዳለ ያየ ልጅ መስማት አያስፈልገውም።

ዝናብን በተመለከተ አማራጭ የለም። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የክረምት ዝናብ ለስላሳውን የክራር ድምፅ ይውጠዋል፤ ከኋላ የተቀመጡት የሚሰሙት የላይኛውን ድምፅ ብቻ ነው። በጅማ ክረምት የጆሮ ኩዊዝ ለጧት ክፍለ ጊዜ ይያዝ፣ የወረቀቱ ለከሰዓት ይቆይ። ዝናቡ መሀል ላይ ከጀመረ እስከዚያ የተሰሙት ጥያቄዎች ብቻ ይታረሙ።

ለየትኛው ክፍል የቱ?

አርባና ከዚያ በላይ ተማሪ ላለው ክፍል፦ ለሪትም ሰምቶ መምረጥ፣ ለኢንተርቫል ባለ ሁለት ክፍት ቦታ ወረቀት፤ በየሦስተኛው ሳምንት አንድ የጆሮ ኩዊዝ ይጨመር።

ከዐሥራ ሁለት ላልበለጠ የመዘምራን ወይም የክበብ ቡድን፦ አንብቦ መምታት፣ ከተከታታይ የጆሮ ኩዊዝ ጋር። ለሚዘምሩት ደግሞ መዘመርን መጨመር ይቻላል፤ አንድ ድምፅ ይሰጣቸውና ከእርሱ በላይ ያለውን አምስተኛ ያወጣሉ። ተማሪው በልቡ «ዶ ሬ ሚ ፋ ሶል» እያለ ከወጣ ከንፈሩና ጊዜው ያጋልጡታል። ስሕተት አይደለም፣ ግን ገና አምስተኛውን በአንድ ዝላይ አልያዘም። ድምፃቸው በመለወጥ ላይ ላሉ ወንዶች ልጆች መነሻው ዝቅ ይበል፤ ያልደረሱበትን ከፍታ እንዳላወቁት መቁጠር አይገባም።

ለብቻው ለሚያጠና ሰው፦ ሰምቶ መጻፍ ይሻላል፤ እርማቱን ጊዜ ሰጥቶ ራሱ ስለሚያየው። መስመሮቹን በስልኩ ቀድቶ፣ ቢያንስ ሳምንት አቆይቶ ይፈተንባቸው። በዚያው ቀን ከቀዳቸው መልሱን ከጆሮው ሳይሆን ከትውስታው ይጽፈዋል።